ከተመራቂዋ ፎቶ ሥር የሚጻፈው

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ሰሞን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የቀድሞ ሰልጣኞቻቸውን ፎቶ መለጠፍ ይጀምራሉ። በኮሌጁ አጥር ላይ ባነር ይሰቀላል፣ በቴሌግራም ቻናል ፈገግ ያለ ፊት ይወጣል፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ ጥቂት መስመሮች ይጻፋሉ። ወጣቶቹ ካፕሽን የሚሏት፣ ጋዜጠኞች የፎቶ ግርጌ ጽሑፍ የሚሏት ይህች ትንሽ ጽሑፍ ከአንድ አንቀጽ አትበልጥም። የተጣለባት ሥራ ግን ቀላል አይደለም። የኮሌጁን ግቢ ረግጦ ለማያውቅ የ18 ዓመት ልጅ፣ በዚያ በር ገብቶ የወጣ አንድ ሰው ዛሬ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ማሳየት አለባት፤ ልጁም አይቶ «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብሎ ለምዝገባ እንዲመጣ ማድረግ አለባት።

በየዓመቱ ከምናያቸው አብዛኞቹ ይህን አያደርጉም። በየኮሌጁ የሚደጋገመው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነው፦ «ኮሌጃችን ካፈራቸው ብርቅዬ ምሩቃን አንዷ! ዛሬ የራሷ ድርጅት ባለቤት ናት። እርስዎም የስኬት ጉዞዎን ከእኛ ጋር ይጀምሩ!» ልጅቷ ምን ሙያ እንደተማረች፣ ስንት ዓመት እንደፈጀባት፣ ድርጅቷ ምን እንደሚሠራ፣ ከኮሌጁ ወጥታ እዚያ ለመድረስ በየት በየት እንዳለፈች አንድም ቃል የለም። አንባቢው «ጎበዝ ናት» ብሎ ያልፋል። ስለ እሷ መልካም ነገር ሰምቷል፤ ለራሱ የሚሆን ግን ምንም አላገኘም።

ይህ ጽሑፍ ካፕሽኗ እንዴት እንደምትሠራ ለማሳየት ነው፤ ምን እንደሚገባባት፣ የት ላይ እንደምትበላሽ፣ መበላሸቷስ በምን እንደሚታወቅ። ኮሌጆች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚመድቡት ሌላ ሥራ የተደራረበበትን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ወይም ስልኩ ጥሩ ፎቶ የሚያነሳ አንድ አሰልጣኝ ነው። በችኮላ መጻፏ አይገርምም። የሚያነቧት ሰዎች ግን በሕይወታቸው ከሚወስኗቸው ትልልቅ ውሳኔዎች አንዱን ሊወስኑ ቆመዋል።

አንባቢው ማን እንደሆነ ካልታወቀ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንኳ አይጻፍም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በተሰጡት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ቀሪው ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ወይ የማካካሻ ትምህርት ያስባል፣ ወይ እንደገና መፈተን፣ ወይ ሥራ መፈለግ፣ ወይ ሙያ መማር። ካፕሽኗን የሚያነባት ልጅ እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቤቱ ውስጥ ስለ ውጤቱ በቀስታ እየተነገረ፣ ጎረቤት «ስንት አመጣ?» እያለ በሚጠይቅበት ሳምንት ነው ስልኩን የሚከፍተው።

ከልጁ ጀርባ ደግሞ እናትና አባት አሉ። የእነሱ ጥያቄ ከልጁ ይለያል። እኛ አገር ባለ እጅን ዝቅ አድርጎ ማየት የቆየ በሽታ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ያደረሳቸው ንቀት ዛሬም ከየቤቱ ተጠርጎ አልወጣም። አባትየው ልጁ በያጅ ወይም ቧንቧ ሠራተኛ ሊሆን መሆኑን ሲሰማ የሚጨነቀው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ምን ተብሎ እንደሚጠራም ያስባል። ስለዚህ ካፕሽኗ ሁለት ጆሮ ታናግራለች። ልጁ «እችለዋለሁ ወይ?» ይላል፣ አባትየው «ያኖረዋል ወይ? ያስከብረዋል ወይ?» ይላል።

ከዚህ የተነሳ በጣም የሚለመድ አንድ አጀማመር አለ፤ እኔ እንዲቀር የምመኘው። «ዩኒቨርሲቲ መግባት ባይሳካላትም ተስፋ ሳትቆርጥ…» የሚለው። ጸሐፊው ልጁን ላጽናና ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ነገር ግን ኮሌጁ በገዛ አፉ ራሱን የተረፈውን ሰው መሰብሰቢያ አድርጎ ያስተዋውቃል። አባትየው የጠረጠረውን ኮሌጁ ራሱ አረጋገጠለት ማለት ነው። ተመራቂዋ ራሷ ስለ ውጤቷ ማውራት ከፈለገች፣ ያውም ብዙ ሰው የሚያዳምጠው ከእሷ አፍ ሲወጣ ነውና፣ ይግባ፤ ግን በራሷ ቃልና መሀል ላይ ይግባ። መነሻው ሥራዋ ይሁን።

ጽሑፉን ከመጻፍ በፊት ፎቶውን ማየት ያስፈልጋል፤ ካፕሽን ከፎቶው ተነጥላ አትኖርም። በጋውንና በቆብ የተነሳ ፎቶ ስለ ሙያው ምንም አይናገርም፤ የሒሳብ ምሩቅም የልብስ ስፌት ምሩቅም በጋውን አንድ ናቸው። የሚፈለገው ሰውዬው ወይም ሴትየዋ በሥራ ላይ የሚታዩበት ፎቶ ነው። እዚህ ላይ ግን ሙያውን የማያውቅ ሰው የማያየው አደጋ አለ። የብየዳ ፎቶ ለማማር ሲባል ማስኩ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ፊቱ እንዲታይ ተደርጎ፣ የብረቱ ብልጭታ እየፈነጠቀ ይነሳል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ የሚያነበው «ይህ ኮሌጅ ዓይን መጠበቅ አያስተምርም» የሚል ነው። ፊቱ እንዲታይ ከተፈለገ ብየዳው ቆሞ፣ ማስኩ ተነስቶ፣ የተበየደውን ብረት ይዞ ይነሳ።

የጓንት ነገር ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። ለብየዳ የቆዳ ጓንት ግድ ነው። ቶርኖ ላይ ግን ጓንት አይደረግም፤ የሚሽከረከረው ብረት የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጅን ጎትቶ ያስገባል። ቀለበት፣ የአንገት ሐብል፣ የተለቀቀ ረጅም ፀጉር፣ ያልታጠፈ ሰፊ እጅጌም እንዲሁ። አንድ ፎቶ አንሺ «ለደህንነት ጥሩ ይመስላል» ብሎ ቶርኖ ላይ ለቆመች ልጅ ጓንት ቢያስለብሳት፣ ባለሙያ የሆነ አባት ፎቶውን አይቶ ልጁን ወደዚያ ኮሌጅ አይልክም። ስለዚህ ፎቶው ከመውጣቱ በፊት የዘርፉ አሰልጣኝ እንዲያየው ማድረግ ቸል የማይባል እርምጃ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ጽሑፉን አብረን እንሥራው። የማቀርበው ምሳሌ ለዚህ ጽሑፍ ያሰናዳሁት ነው፤ የምታነቡት ሰው በእውን ያለች አይደለችም፣ የኤሌክትሪኩ ነገር ግን እንዳለ እውነት ነው። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተምራ የወጣች ወጣት አለች እንበል። ኮሌጁ ስለ እሷ የጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ «በኤሌክትሪክ ሙያ የተመረቀችው ወጣት ዛሬ በዘርፉ ተፈላጊ ባለሙያ ሆናለች» ይላል። ይህን ወደሚሠራ ጽሑፍ ለመለወጥ የሚያስፈልገው የተሻለ ቃላት መረጣ አይደለም፤ ልጅቷን ማነጋገር ነው።

ጥያቄው ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። «የስኬትሽ ምስጢር ምንድን ነው?» የተባለ ሰው «ጠንክሮ መሥራትና በፈጣሪ መታመን» ይላል። መልሱ ልባዊ ነው፤ ካፕሽን ውስጥ ሲገባ ግን ከሌላው ሰው መልስ አይለይም። በእሱ ምትክ «የመጀመሪያውን ገንዘብ የተከፈለሽ ምን ሠርተሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ይህን ጥያቄ ማንም ባለሙያ ሳያስታውስ አይቀርም። ቦታውን፣ ማን እንደጠራው፣ ምን እንደተበላሸ፣ ምን ያህል እንደተከፈለው ይነግራችኋል። የእኛም ልጅ አንድ ዳቦ ቤት ትነግረናለች።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ መጋገሪያና ማቡኪያ ማሽን ነበር፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ተሰክተው። መጋገሪያው በርቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል። ማቡኪያው አብሮ ሲነሳማ ወዲያው ነው የሚወርደው። ባለቤቱ ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ጠርተው ነበር፤ ያ ሰው 20 አምፔሩን ብሬከር አውጥቶ 32 አምፔር ገጠመላቸውና ሄደ። መውረዱ ቆመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ሶኬቱም ጠርዙ መቅለጥ ጀመረ።

ልጅቷ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ክላምፕ ሜትሯን መስመሩ ላይ አድርጋ መለካት ነው። መጋገሪያው 6 ኪሎዋት ነው፤ በ220 ቮልት 27 አምፔር ገደማ ይስባል። ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ሽቦ ግን 2.5 ካሬ ሚሊ ነበር፤ ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው። ለዚያ ሽቦ 20 አምፔር ብሬከር ትክክለኛው ነበር፤ መውረዱም ሥራውን እየሠራ ስለነበር ነው። ብሬከር የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ብሬከሩ በትልቅ ሲለወጥ ሽቦው ጠባቂውን አጣ፤ ጭነቱ እንዳለ ሆኖ ማንም ሳያስቆመው ይግል ጀመር። እሷ ከማከፋፈያ ቦርዱ ለመጋገሪያው ብቻ የሚሆን 6 ካሬ ሚሊ መስመር ዘረጋች፣ 32 አምፔሩን ብሬከር ለዚያ አዲስ መስመር አደረገችው፣ ማቡኪያውን በፊተኛው መስመር ላይ ትታ 20 አምፔር ብሬከር መለሰችለት፣ የቀለጠውን ሶኬትና ጫፉ የጠቆረውን ሽቦ ቆርጣ ቀየረች።

ይህን ታሪክ የሰማ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ቢሮው ተመልሶ ምን ሊጽፍ ይችላል? «በዳቦ ቤቱ ተደጋጋሚ የነበረውን የመብራት መቋረጥ ብሬከሩን በትልቅ በመቀየር መፍትሔ ሰጥታለች።» ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ የሚናገረው ግን ከእሷ በፊት የመጣውን ሰው ጥፋት ነው። ኮሌጁ ቤት ሊያቃጥል የሚችል ስህተትን በምሩቁ ስም ስኬት ብሎ ለጠፈ ማለት ነው። ካፕሽኑን ከሚያነቡት አባቶች መካከል ኤሌክትሪሺያን ይኖራል፤ እሱ ደግሞ ሰፈሩ ስለ ሙያ ኮሌጅ የሚጠይቀው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ስህተት የሚያዘው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ለራሷ ለተመራቂዋና ለዘርፉ አሰልጣኝ ይነበብላቸዋል፤ በስልክም ቢሆን፣ ቃል በቃል። «እንዲህ ብዬ ልጻፈው?» ሲባል ሰው «እሺ» ይላል። ሲነበብለት ግን «አይ፣ እንዲህ አይደለም የሆነው» ይላል።

ተስተካክሎ የሚወጣው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«የዳቦ ቤቱ መጋገሪያ በሞቀ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ብሬከሩን በትልቅ ቢቀይሩት መውረዱ ቆመ፤ ሶኬቱ ግን መቅለጥ ጀመረ። እሷ መጥታ ለካችው፤ ሽቦው ለመጋገሪያው ቀጭን ነበር። ለብቻው ወፍራም መስመር ዘረጋችለት። በራሷ ስም የተከፈላት የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን በኮሌጃችን እስከ ደረጃ 3 ሠልጥና፣ በሙያ ብቃት ምዘና ብቁ ተብላለች። ከጨረሰች በኋላ ሰባት ወር በአንድ ተቋራጭ ዘንድ በረዳትነት ሠርታ ነው ክላምፕ ሜትሯንና መሰርሰሪያዋን የገዛችው።»

ቁጥሮቹ ከጽሑፉ ወጥተዋል። 27 አምፔርና 6 ካሬ ሚሊ ለ18 ዓመቱ ልጅ ገና ምንም አይነግሩትም፤ ለጸሐፊው ግን ማወቁ አስፈልጓል፣ «ወፍራም መስመር» የሚለው ቃል ትክክል ሆኖ የተቀመጠው ቁጥሩ ከጀርባው ስላለ ነው። ልጁ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሙያ አስቦ፣ ለክቶ፣ ሰበብ ፈልጎ የሚሠራ መሆኑን ያያል። አባትየውም አንዲት ወጣት ሌላው ያበላሸውን ስታስተካክል፣ ዳቦ ቤትም ከቃጠሎ ስትጠብቅ ያያል። «የተከበረ ሙያ ነው» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም።

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለው «ሰባት ወር» ሳይከራከሩበት የማይወጣ ቃል ነው። የኮሌጁ ኃላፊ «እሱን ተወው፣ ያስፈራል» ማለቱ አይቀርም። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው በማግስቱ ደንበኛ አያገኝም፤ መሣሪያም ስምም የለውም። በረዳትነት ወይም በቅጥር ያልፋል። ይህን ሳይነገረው የተመዘገበ ልጅ ከጨረሰ በኋላ በሦስተኛው ወር ሥራ ሲያጣ «ሌሎቹ ተሳክቶላቸዋል፣ እኔ ነኝ የማልረባ» ብሎ ሙያውን ይተዋል፤ ለታናናሾቹም «አትሂዱ» ይላል። የተነገረው ልጅ ግን ረዳትነቱን የመንገዱ ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል። ደግሞም «በአንድ ጀንበር የሚሊዮን ብር ባለቤት» ከሚለው ይልቅ ሰባት ወር የሚለውን ነው ሰው የሚያምነው።

«ደረጃ 3» እና «ብቁ» የሚሉት ቃላትም ለጌጥ አልገቡም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ሁሉም ሙያ በሁሉም ኮሌጅ እስከ ላይኛው ደረጃ አይሰጥም። «በኤሌክትሪክ ተመረቀች» ሲባል ልጁ ደረጃ 1 ይሁን 4 አያውቅም፤ በመካከላቸው ያለው የጊዜና የክህሎት ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ምዘናውም ከኮሌጁ ፈተና የተለየ ነገር ነው። ሰልጣኙ በኮሌጁ ሥልጠናውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ሰዉ ሲኦሲ የሚለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል። የጽሑፍ ክፍል አለው፣ ከዚያም መዛኙ ፊት ቆሞ በእጅ የሚሠራ የተግባር ክፍል አለው። ውጤቱ በመቶኛ አይነገርም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ነው የሚወጣው። ገና የተባለ ሰው ተዘጋጅቶ ተመልሶ ይመዘናል። ስለዚህ «ሠልጥናለች» እና «ብቁ ተብላለች» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ያልተመዘነን ሰው ብቁ ብሎ የሚጽፍ ኮሌጅ ሐሰት ጻፈ ማለት ነው። ተመራቂዋ መጀመሪያ «ገና» ተብላ በሁለተኛው ያለፈች ከሆነና ይጻፍ ካለች ደግሞ ከዚያ የተሻለ መስመር አይገኝም፤ ፈተና ወድቄያለሁ ብሎ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው የሚያነበው።

በግል ኮሌጅ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል። የዕውቅና ፈቃዱ የሚሰጠው ለሙያውና ለደረጃው ነው፤ ኮሌጁ በአንድ ዘርፍ እስከ ደረጃ 2 ብቻ ፈቃድ ኖሮት ከሌላ ቦታ ደረጃ 4 ያጠናቀቀን ሰው «የእኛ ምሩቅ» ብሎ ቢለጥፍ አመልካቹ እዚያ ደረጃ 4 የሚሰጥ ይመስለዋል። ካፕሽኗ ኮሌጁ ያስተማረውን ብቻ ኮሌጁ አስተማረው ትበል። ቀሪውን የትም ተማረችው፣ ስሙ ይጠቀስ።

እስካሁን ያየነው የአንድ ሰው ታሪክ እውነት ሆኖ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ከዚህ የሚከብደው እውነተኛው ታሪክ ራሱ ሲያሳስት ነው። ኮሌጁ ከምሩቃኑ መካከል የተሳካላትን መርጦ ለጠፈ፤ አንባቢው ግን «ከዚያ የወጣ ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ ሊወስደው ይችላል። አንድ ፎቶ ስለ ሌሎቹ መመስከር አይችልም። ስለ ሌሎቹ የሚናገረው የምሩቃን ክትትል ጥናት ነው፤ ማለትም ከጨረሱ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እየደወሉ ማን ሥራ እንዳገኘ፣ በተማረበት ሙያ ይሁን በሌላ፣ መመዝገብ።

ኮሌጆች ከዚያ ጥናት አንድ ቁጥር አውጥተው ካፕሽኑ ሥር ይጨምራሉ፤ «ከምሩቃኖቻችን 90 በመቶው ሥራ ይዘዋል» ዓይነት። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ሳይጠየቅ መለጠፍ የለበትም። ነገሩን በምሳሌ እንየው። 100 ሰው ጨርሷል እንበል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲደወል ስልክ ያነሱት 40 ናቸው፤ ሌሎቹ ቁጥር ቀይረዋል፣ አገር ለቀዋል፣ ወይም አላነሱም። ካነሱት 40 ሰዎች 36ቱ እየሠሩ ነው። 36 ከ40፣ 90 በመቶ ነው፤ ግን የተረጋገጠው 36 ከ100 ነው። ስልክ ያላነሱት ሥራ አጥ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሥራ ይዘዋልም ማለት አይቻልም። በዚያ ላይ ከ36ቱ አሥሩ ኤሌክትሪክ ተምረው ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በታማኝነት የሚጻፈው «ባለፈው ዓመት ከጨረሱት 100 ሰልጣኞች 40ውን በስልክ አግኝተናቸዋል፤ 36ቱ በሥራ ላይ ናቸው፣ 26ቱ በተማሩበት ሙያ» የሚል ነው። ረዝሟል፤ ነገር ግን ልጁ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ሊመክርበት የሚችለው ይህኛውን ነው።

ለዚህ ሌላም መላ አለ፤ እንደ ቁጥሩ የማያደክም። የሚለጠፉትን ሰዎች ማሰባጠር ነው። ባለድርጅት ብቻ ሳይሆን በፋብሪካ ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላውን፣ በኮንስትራክሽን ድርጅት ፎርማን የሆነችውን፣ ደረጃ 2 ጨርሶ እየሠራ ማታ ማታ ደረጃ 3 የሚማረውን። አብዛኛው አመልካች የሚሆነው ተቀጣሪ ነው፤ እሱን የሚመስል ሰው በፎቶው ውስጥ ካላየ ታሪኩ የእሱ አይመስለውም።

ፈቃድ የሚባለው ነገር በእኛ አካባቢ እንደ ወግ ብቻ ይታያል፤ «ፎቶሽን እንለጥፈው?» «ችግር የለም» ተባብሎ ያበቃል። ይህ አይበቃም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን ስም፣ ፎቶና ታሪክ መጠቀም በሕግ የሚገዛ ጉዳይ ሆኗል። በተግባር ሲታይ የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ገቢ፣ ስልክና አሠሪ። ገቢዋ ከተጻፈ ዘመድ ሊበደራት ይመጣል፣ ግብር ሰብሳቢውም ይጠይቃታል። ስልኳ ከተጻፈ ሥራ ያመጣላታል፤ ለወጣት ሴት ግን ሌሊት የሚደወል ነገርም ያመጣል፤ ከተጻፈም የግል ሳይሆን የሥራ ስልኳ ይሁን፣ እሷ ብቻ ትወስን። ከእሷ በፊት የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስም፣ የዳቦ ቤቱም ስም አይነሳም፤ እነሱ ፈቃድ አልሰጡም። ጽሑፉ የት የት እንደሚወጣ ይነገራት፤ ቴሌግራም ላይ ብቻ ወይስ መንገድ ዳር ባነር ላይም፤ «ይውረድልኝ» ስትልም በዚያው ቀን ይውረድ።

የአጠራሩም ጉዳይ ሳይታሰብበት አይታለፍ። የ24 ዓመት ተመራቂን «ናቸው» እያሉ ሲጽፉ ለ18 ዓመቱ አመልካች ትርቅበታለች፤ «ናት» ሲሏት ታላቅ እህቱን ትመስላለች። አሥር ሠራተኛ የምታስተዳድር የ40 ዓመት ሴት ግን በ«ናት» ሠራተኞቿ ፊት ዝቅ ልትል ትችላለች። መፍትሔው ራሷን መጠየቅ ነው።

ቅርጹ የሚወሰነው በሚወጣበት ቦታ ነው። ቴሌግራም ከፎቶ ጋር በመደበኛ አካውንት የሚቀበለው 1024 ፊደልና ምልክት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጽሑፉ ከፎቶው ተነጥሎ ይላካል። አማርኛ አንዷ ፊደል አናባቢዋንም ስለምትይዝ በዚህ ልክ ውስጥ ብዙ ይጻፋል፤ ከላይ ያለው የዳቦ ቤቱ ካፕሽን ግማሹን እንኳ አይሞላም። ፌስቡክ ደግሞ ረዘም ያለውን ጽሑፍ ከመሀል ቆርጦ ቀሪውን «ተጨማሪ» ከሚለው ጀርባ ይደብቀዋል፤ ስለዚህ ኮሌጁ ስሙንና መፈክሩን በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ካኖረ ዳቦ ቤቱ ሳይታይ ይቀራል። መጋገሪያው ይቅደም። ባነር ላይ ከታክሲ ውስጥ የሚያነብ ሰው ከአሥር ቃል በላይ አይዝም፦ «የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ደረጃ 3። አሁን የራሷን ሥራ ትሠራለች።» ከሥሩ የምዝገባው ቦታና ቀን።

የምዝገባው መስመር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እንደ ታሪኩ ሁሉ እሱም ሙሉ ይሁን። «ይመዝገቡ፣ ቦታ ሳይሞላ ይፍጠኑ» የሚለው ማስፈራራት እንጂ መረጃ አይደለም። የሚያስፈልገው የትኛው ሙያ በየትኛው ደረጃ ዘንድሮ እንደሚከፈት፣ የቀን ይሁን የማታ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ፣ ከ12ኛ ክፍል ውጤት ሌላ ምን ሰነድ ይዘው እንደሚመጡ ነው። ብዙ ልጅ ከገጠር ወይም ከሌላ ክፍለ ከተማ ተሳፍሮ ይመጣል፤ የአንድ ሰነድ ኮፒ ጎድሎበት ሲመለስ የትራንስፖርት ገንዘቡ ይባክናል፣ ሁለተኛ ላይመጣም ይችላል።

ካፕሽኗ ከተለጠፈች በኋላ ሥራዋ ለአንድ ሰሞን ነው። በሚመጣው ዓመት መስከረም ያንኑ ፎቶ አውጥቶ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ በዚያ መሀል ግን ልጅቷ ሥራ ቀይራ፣ አገር ለቅቃ ወይም የሰው ማየት አታክቷት ሊሆን ይችላል፤ ኮሌጁም ደረጃ 3ን መስጠት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፋይሉ ጋር የተጻፈበት ቀንና የልጅቷ ስልክ አብሮ ይቀመጥ፤ ሐምሌ ላይ ይደወልላት። ደውሎ «አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» ማለት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ከአምናው የተሻለ ታሪክ ነው። ለምሳሌ ያቺ ልጅ ዘንድሮ ከኮሌጁ ለትብብር ሥልጠና የተላኩ ሁለት ሰልጣኞችን ይዛ እያሠራች ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚነሳው ፎቶ የሦስቱ ይሆናል፣ ካፕሽኑም ስለ ሁለቱ ልጆች የመጀመሪያ መስመር ዝርጋታ።